ከቀንበር እስከ ታኮ፤ ጭብጥን ሳይናገሩ ስለሚያስተላልፉ ምስሎች

የዘውዱ ሥርዓት በተንገዳገደበትና በወደቀበት በ1966 ዓ.ም. እና በአዲሱ ዓመት መግቢያ ወራት፣ የኢትዮጵያ ገጠር በሁለት ዓይነት ቋንቋ ይናገር ነበር ማለት ይቻላል። አንደኛው የአደባባይ ቋንቋ ነው፤ ይኸውም ከየካቲት 1957 ዓ.ም. ጀምሮ በተማሪዎች ሰልፍ ላይ የተሰማው «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር ነው። ሁለተኛው ደግሞ አፍ የሌለው የዕቃና የሥራ ቋንቋ ነው። ቀንበሩ፣ ሞፈሩ፣ የባለመሬቱ ወንበር፣ ገበሬው በየማለዳው ወደ ማሳው የሚሄድበት ቀጭን መንገድ፣ ሁሉም ያንኑ ነገር ሲናገሩ ኖረዋል። በዚያው በ1974 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የፊልም ትምህርት ቤት ወደ አገሩ የመጣ አንድ የጎንደር ልጅ ሊቀርጽ የመረጠው ይህን ሁለተኛውን ቋንቋ ነበር። በድርሰት ውስጥ አንድን ምስል እየመላለሱ ጭብጥን ማስተላለፍ ምን እንደሆነና በምን እንደሚሰናከል ለመረዳት ለሚሻ መምህርም ሆነ ደራሲ፣ የዚህ ሰው ሥራ ከብዙ የንድፈ ሐሳብ መጻሕፍት ይልቅ ግልጽ ምሳሌ ይሰጣል።

ኃይሌ ገሪማ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉ፣ ተውኔት እየደረሱ በየአገሩ እየዞሩ ያሳዩ የነበሩ ሰው ናቸው። ልጁ የትርኢትን ጥበብ የለመደው ከዚያ ቤት ነው። ኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በመጀመሪያ በቺካጎ ቴአትር፣ ከዚያም በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም የሠራውም በተማሪነቱ ዘመን ነው። ፊልሙ በአማርኛ የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ በአሥራ ስድስት ሚሊሜትር ካሜራ የተቀረጸ ሲሆን፣ ተዋንያኑ ሙያተኞች አልነበሩም። ቀረጻው የወሰደው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው፤ የተጠናቀቀው ፊልም ግን ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ለሕዝብ የቀረበው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው።

ታሪኩ ሲነገር አጭር ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ለአንድ ባለመሬት ያርሳል፤ ከብቱን ይጠብቃል፤ ምርቱን ያስረክባል። ሴት ልጃቸው የባለመሬቱን ላም ከደራሽ ወንዝ ለማዳን ስትል በውኃ ትወሰዳለች። መሬቱን የተነጠቀና አገሩ እብድ ያለው ከበበ የተባለ ሰው በመጨረሻ ባለመሬቱን በዱላ ይገድለዋል። ከዚህ በላይ የተወሳሰበ ሴራ የለም። ሁለት ሰዓት ተኩሉን የሚሞላው የተለያየ ድርጊት ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ድርጊት በተለያየ ጊዜ መታየቱ ነው፤ ይኸውም መነሣት፣ መሄድ፣ ማረስ፣ መጠበቅ፣ መመለስ ነው። አንዳንድ ተመልካች በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መሰልቸቱ አይቀርም። መሰልቸቱ ግን የዳይሬክተሩ ስሕተት አይደለም፤ ሦስት ሺህ ዓመት የሚባለው ዘመን በቁጥር ከመነገር ይልቅ በዚያ ድግግሞሽ ውስጥ በትከሻ ይታወቃልና።

በዚህ ድግግሞሽ ውስጥ ከሚመላለሱት ነገሮች ሁለቱን ለይቶ መመልከት ይበቃል። አንደኛው የባለመሬቱ ወንበር ነው። ባለመሬቱ በአብዛኛው ተቀምጦ ይታያል፤ ከበታቹ ያሉት ደግሞ ቆመው፣ ጎንበስ ብለው ወይም እየሄዱ ይታያሉ። አንድም ሰው «እነሆ፣ አንዱ ተቀምጦ ሲበላ ሌላው ቆሞ ይሠራል» ብሎ አያስረዳም። ተመልካቹ ይህን የሚያውቀው ወንበሩን ደጋግሞ በማየት ነው። ወንበር በጎንደርም ሆነ በመላ አገሪቱ ተራ ዕቃ አይደለም፤ ዳኛ የሚሰየምበት፣ ሊቅ የሚያስተምርበት፣ «ወንበር ዘረጋ» ሲባል ሥልጣንና ዕውቀት አንድነት የሚታሰቡበት ነው። ፊልሙ ይህን የቆየ ትርጉም ሳያብራራ ይገለገልበታል። ሆኖም ወንበሩ በመጀመሪያ የሚታየው እንደ ምልክት ሳይሆን አንድ የደከመው ሽማግሌ ሊቀመጥበት እንደሚችል ዕቃ ነው። ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ቀንበር ነው። ገበሬው በሬዎቹን ሲጠምድ፣ ቀንበሩን በጫንቃቸው ላይ ሲያኖር፣ እርፉን ጨብጦ ሲያርስ ብዙ ጊዜ ይታያል። ካሜራው በዚህ ሥራ ላይ የሚቆየው ምንም የተለየ ነገር የሚጠቁም ሳይመስል ነው። የእርሻ ሥራ ነው፤ በማንኛውም የወገራ ወይም የደምቢያ ማሳ ላይ በሰኔ ወር የሚታይ ነው። በኋላ ግን በሕልም መልክ ሌላ ነገር ይመጣል፤ በቀንበሩ የተጠመዱት በሬዎቹ ሳይሆኑ ሰዎቹ ራሳቸው ሆነው፣ ባለመሬቱ ጅራፍ ይዞ ከኋላ ይነዳቸዋል። ሕልሙ አጭር ነው። ከሕልሙ በኋላ ፊልሙ ወደ ተራው እርሻ ሲመለስ ግን ተመልካቹ ያንኑ ቀንበር ከበሬው ጫንቃ ላይ እንደ ቀድሞው ሊያየው አይችልም። ዕቃው አንድ ነው፤ የተለወጠው ዓይኑ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣት ተገቢ ነው። ሕልሙ ከፊልሙ መጀመሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ተመልካቹ ገና በሬ ተጠምዶ ሳያይ ሰው ተጠምዶ ቢያይ፣ ነገሩን በመፈክር ሥዕል ላይ እንዳለ ምልክት ይቀበለው ነበር። «ገበሬው በባርነት ቀንበር ሥር ነው» የሚለውን በወቅቱ በየጋዜጣው የተለመደ ሐረግ በሥዕል ማየት ብቻ ይሆን ነበር። ኃይሌ ያደረገው ከዚህ ተቃራኒውን ነው። ለቀንበሩ በመጀመሪያ የዕለት ሥራውን ሰጠው፤ በሬ የሚያጠምድ እንጨት አድርጎ አሳየው። የተሸከመውን ትርጉም የጫነበት ተመልካቹ ከተላመደው በኋላ ነው። አንድ ተመላላሽ ምስል በመጀመሪያ ሲገባ ንጹሕ ሆኖ፣ ማለትም ከራሱ ሥራ በስተቀር ሌላ ነገር የማይል መስሎ መግባት አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

የልጅቱም ሞት የዚሁ አሠራር ውጤት ነው። ከብቶቹ ቀደም ሲል ብዙ ጊዜ ታይተዋል፤ ይጠበቃሉ፤ ይነዳሉ፤ ባለመሬቱ ስለ እነርሱ ይቆጣል። ስለዚህ ልጅቱ ላሟን ተከትላ ወደ ደራሹ ስትገባ፣ የአንድ ጭሰኛ ልጅ ነፍስና የአንድ ላም ዋጋ በዚያ ቤት እንዴት እንደሚመዘን የሚናገር ሰው አያስፈልግም። ሚዛኑ ከብዙ ትዕይንት በፊት ተተክሏል።

ስለ ከበበ ግን አንድ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። እርሱ ይናገራል፤ ባለመሬቱን ያወግዛል፤ ግፉን በስሙ ይጠራዋል። ታዲያ ጭብጡ በአፍ ተነገረ ማለት አይደለምን? በከፊል ነው። የፊልሙ ደካማ ጎን የሚታየውም በዚህ በኩል ነው ቢባል አድልዎ አይሆንም፤ የከበበ ንግግር አንዳንዴ ከገጸ ባሕርዩ ይልቅ የዘመኑን የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ያስታውሳል። ነገር ግን ደራሲው ንግግሩን ለማን እንደሰጠ መመልከት ይገባል። የሰጠው አገሩ እብድ ብሎ ጆሮ ለነፈገው ሰው ነው። በመንደሩ ውስጥ ማንም የእርሱን ቃል እንደ ማስረጃ አይቀበልም። ስለዚህ እውነቱ በእብድ አፍ ቢነገርም፣ የሚጸናው በወንበሩና በቀንበሩ ነው። ጭብጡን የሚናገር ገጸ ባሕርይ ማምጣት ግድ የሆነበት ደራሲ ይህን ዘዴ ሊያስብበት ይችላል፤ ቃሉን ለማይታመን ሰው ሰጥቶ፣ ምስክርነቱን ግን በዕቃው ላይ ያኖረዋል።

ለጎንደርና ለአካባቢው አንባቢ ይህ ሁሉ ከቅኔው ሰምና ወርቅ ጋር አንድ መስሎ ሊታየው ይችላል። ዝምድና አለው፤ አንድ ግን አይደለም። በቅኔ ሰሙና ወርቁ በአንድ ቃል ወይም በአንድ ሐረግ ተጣብቀው ይቀርባሉ፤ ሰሚው ወርቁን ካላወጣ ቅኔው አልተፈታለትም፤ ሊቁም «ምሥጢሩ ይህ ነው» ብሎ ሊያወርደው ይችላል። ተመላላሹ ምስል ግን እንዲህ አይፈታም። ቀንበሩ «ጭቆና ማለት ነው» ተብሎ ቢተረጎም ትርጉሙ ትክክል ሆኖ ሳለ ፊልሙ ይረክሳል፤ ምክንያቱም ቀንበሩ የሰውየው መተዳደሪያም ነው፣ የአባቱ ዕቃም ነው፣ ያለ እርሱም እህል የለም። ቅኔ አዋቂ ሰው ወደ ልብ ወለድ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወርቁን ገና ሳይጽፍ ያውቀዋል፤ ከዚያ ለወርቁ የሚስማማ ሰም ይፈልጋል። ለቅኔ ይህ መንገድ ይሠራል። ለረጅም ትረካ ግን ሰሙ መጀመሪያ በራሱ መኖር አለበት።

ኃይሌ ራሱም ሁልጊዜ በዚህ መንገድ አልሄደም። በ1993 እ.ኤ.አ. ስለ ባሪያ ንግድ የሠራው «ሳንኮፋ» ስሙን የወሰደው ከጋና የአካን ሕዝብ ነው፤ ወደ ኋላ ዞራ የምትመለከት ወፍ ምልክት ናት፤ የተረሳውን ተመልሶ መውሰድን ታመለክታለች። ምልክቷ ትልቅ ናት፤ ግን ፊልሙ ሳይጀመር ትርጉሟ ተበጅቶ ያለቀ ነው። ተመልካቹ አካናዊ ካልሆነ ደግሞ ሊነገረው ይገባል። ከአገራችን ደራስያንም የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን ስለ አብዮቱ የጻፈውን ባለ ሦስት ክፍል ልብ ወለድ «ማዕበል» ብሎ ሰይሞታል። ማዕበል ለአብዮት የተለመደ ምሳሌ ስለሆነ አንባቢ ሽፋኑን እንዳየ ይገባዋል። ለርዕስ ይህ በጎ ነው። በትረካው ውስጥ ተመላልሶ ቀስ በቀስ የሚያድግ ምስል እንዲሆን ሲፈለግ ግን፣ አስቀድሞ የተፈታ ምልክት የሚያድግበት ቦታ አያገኝም።

በ2008 እ.ኤ.አ. የቀረበው «ጤዛ» ከሁለቱም ይለያል። ይህ ፊልም በዚያው ዓመት በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር የተባለ በጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ሰው፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በሚፋፋምበት በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ በጣና አካባቢ ወዳለው ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። አንድ እግሩ የለም። አእምሮውም ያለፈውን ነገር ሙሉ በሙሉ አይመልስለትም። ታሪኩ በጀርመን የተማሪነት ዘመን፣ በአዲስ አበባው የአብዮት ዘመንና በመንደሩ መካከል ይመላለሳል።

እዚህ ላይ የሚመላለሰው ምስል የጎደለው እግር ነው። ፊልሙ ከመጀመሪያው አንሥቶ ያሳየዋል፤ እንዴት እንደ ጠፋ ግን ወደ መጨረሻው እስኪደርስ አይናገርም። ይህ ከቀንበሩ የተለየ አሠራር ነው። ቀንበሩ በመጀመሪያ ምንም ጥያቄ አያስነሣም ነበር፤ እግሩ ግን ገና ሲታይ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ በየትዕይንቱ መልሱን ይገምታል። ጦርነቱ ይሆን? እስር ቤቱ ይሆን? በአዲስ አበባ የጓዶቹ መተላለቅ ይሆን? በመንደሩ ደግሞ ሕፃናትና ወጣቶች ለጦር እንዳይታፈሱ በዋሻ ይሸሸጋሉና፣ የእነርሱ እግር ከእርሱ እግር ጋር ሳይነገር ይነጻጸራል። በመጨረሻ አደጋው የደረሰበት በምሥራቅ ጀርመን በላይፕሲግ፣ በዘረኞች እጅ መሆኑ ሲገለጥ፣ ተመልካቹ በግምቱ የደረደራቸው ምክንያቶች ሁሉ ሐሰት ሆነው አይቀሩም። እያንዳንዱ ሊሆን ይችል ነበርና አንዱ ጉዳት ሁሉንም ይወክላል። የተማረው ትውልድ ከየአቅጣጫው ተመቶ በአንድ እግሩ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ የሚል ዓረፍተ ነገር በፊልሙ ውስጥ የለም። አያስፈልግምም።

ከተራራው ጋር የተያያዘው ደግሞ ሌላ ክር ነው። በመንደሩ አናት ላይ ከጣልያን ወረራ የቀረ የሙሶሊኒ መታሰቢያ አለ፤ የአንበርብር አባትም በዚያ ጦርነት የወደቁ ናቸው። ይህንንና የጎደለውን እግር አንድ ላይ ያሰበ ሰው አባትም ልጅም በአንድ ዓይነት ጥላቻ እንደ ተመቱ ያስተውላል። ያላስተዋለ ደግሞ ከታሪኩ አንዳች አይጎድልበትም። የመልካም ተመላላሽ ምስል አንዱ መለያ ይህ ነው፤ ላስተዋለው ይጨምርለታል፤ ላላስተዋለው በር አይዘጋበትም። ርዕሱ ጤዛም ቢሆን በዚሁ ደንብ ይኖራል። በማለዳ ሣር ላይ የዋለውን እንጭጭ ውኃ የሚያውቅ የደጋ ሰው ፀሐይ ስትወጣ ምን እንደሚሆን ሊነገረው አይሻም።

ይህ ሁሉ ለአንድ ጀማሪ ደራሲ በእጅ ምን ይሰጠዋል? ነገሩን በአንድ የታሰበ ድርሰት ላይ መሞከር ይሻላል። ቦታው ዛሪማ ይሁን። ዛሪማ ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ ጣልያን በወረራው ዘመን በገደሉ ላይ የቆረጠውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ወደ አዲ አርቃይና ወደ ትግራይ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ከደባርቅ ብርድ ተነሥቶ ዛሪማ የደረሰ መንገደኛ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷልና ጋቢውን ያወልቃል። የድርሰቱ ዋና ሰው በዚህ መንገድ በአሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ የሚሠራ ወጣት ረዳት ይሁን። ደራሲው በልቡ የያዘው ጭብጥ፣ ሌላውን ሁሉ ደግፎ የሚያቆም ሰው ራሱ ደጋፊ እንደሌለው ነው። ይህን ግን በድርሰቱ ውስጥ ማንም አይናገረውም።

ለምስሉ ሦስት ነገሮች ለምርጫ ይቀርባሉ እንበል፤ በሊማሊሞ ገደል ላይ የሚያንዣብብ ንስር፣ ከገደሉ የሚነሣው ጉም፣ እና ረዳቱ ከጎማው ሥር የሚወሽቀው ታኮ። ጀማሪ ደራሲ ንስሩን ወይም ጉሙን ለመምረጥ ይቸኩላል፤ ያማሩ ናቸውና። ሆኖም ንስር በማንኛውም ተራራ ላይ በማንኛውም ታሪክ ውስጥ ሊያንዣብብ ይችላል። ረዳቱም ንስሩን አይነካውም፤ ያያል እንጂ። ታኮው ግን የረዳቱ ሥራ ነው። ይሸከመዋል፤ ይወረውረዋል፤ ቢዘገይ መኪናው ይንሸራተታል፤ ቢጠፋ ሹፌሩ ይቆጣል። ምስሉን ከታሪኩ ቢያወጡት ሥራው ራሱ ይፈርሳል። ንስሩን ቢያወጡት ግን የሚጎድለው አንድ ያማረ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ለመምረጥ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አይገኝም።

ታኮ ከተመረጠ በኋላ ደራሲው ዕቃውን እንደ ባለሙያው ማወቅ አለበት። የተጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ ጉልበት አጥሮት ሲቆም ታኮው ከኋለኛው ጎማ ጀርባ ይገባል፤ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ግሎ እንዲቀዘቅዝ ሲቆም ግን ታኮው ከጎማው ፊት ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መኪና ላይ ታኮውን ከጎማው ጀርባ ያኖረ ደራሲ፣ በዚያ መንገድ ያለፈ አንባቢን ወዲያው ያጣል። ከዚያም በኋላ የሚመጣው ትርጉም ሁሉ ቢያምር አይታመንም። ጠባቡ እውነት ከተሰበረ ሰፊው አይቆምምና፣ በየትርኢቱ ላይ ስለ ገበሬ ሕይወት ሲጻፍ እርፍና ድግር የሚቀያየሩበትን ተውኔት ያየ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ድርሰቱ ስምንት ገጽ ያህል ቢሆን አራት ጊዜ መታየት ይበቃዋል። መጀመሪያ ታኮው በግማሽ ዓረፍተ ነገር ይገባል፤ ሹፌሩ «ታኮ!» ብሎ ይጮኻል፣ ልጁ ከኋላ ዘሎ ይወርዳል፣ ወሬው ስለ ጭነቱ ይቀጥላል። አንባቢ እንዳያተኩርበት ሆን ተብሎ ሌላ ነገር አብሮ ይመጣል። ሁለተኛው ዛሪማ ላይ ነው፤ ሹፌሩ አልጋ ይይዛል፤ ረዳቱ ከመኪናው ሥር ነጠላውን በታኮው ላይ አጥፎ ይንተራሰዋል። ዕቃው ያው ነው፤ አገልግሎቱ ተለወጠ። ሦስተኛው ከሁሉ ረዘም ይላል፤ ልጁ በመመለሻው ደባርቅ አቅራቢያ ወዳለው እናቱ ቤት ገባ ብሎ፣ ያዘመመውን የጎጆ ምሰሶ በያዘው ታኮ ሥሩን ይወሽቅለትና ያቀናዋል። እናቱ «ይኼ ደግሞ የሰው ዕቃ አይደለም እንዴ ልጄ?» ትለዋለች። እርሱም «ነገ እመልሰዋለሁ፣ እማዬ» ይላል። አራተኛው መልሶ ያጥራል። በነጋታው በዳገቱ ላይ ሹፌሩ ሲጮኽ ልጁ እጁን ወደ ለመደው ቦታ ይሰድዳል፤ ታኮው የለም።

በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ የሚታየው ነገር ምስሉ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ እርምጃ መሄዱ ነው። መጀመሪያ መኪናውን ይደግፋል፤ ከዚያ የልጁን ራስ፤ ከዚያ የእናቱን ቤት፤ በመጨረሻ በባዶነቱ ይታያል። ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሥራ ቢሠራ ሁለተኛው ትርፍ ነው። አንባቢም «ደራሲው እያስታወሰኝ ነው» ይላል፤ ይህን ካለ ጥበቡ ተጋለጠ። ሰባትና ስምንት ጊዜ የታየ ታኮ በስምንት ገጽ ውስጥ ታኮ መሆኑ ይቀርና ማስታወቂያ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን በቀና ልብ የሚሠራ ነው። ደራሲው አንባቢ እንዳያመልጠው ፈርቶ፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ ሹፌሩን «አንተ እኮ የዚህ መኪና ታኮ ነህ!» ያሰኘዋል። ዓረፍተ ነገሩ ያስደስታል፤ ሹፌርም ሊለው ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን በነጠላ የተጠቀለለው ታኮ ትራስ አይደለም፤ የተነገረው ነገር ምሳሌ ነው። የእናቲቱም ምሰሶ ምሰሶ አይደለም። ስሕተቱን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ዓረፍተ ነገሩን ሰርዞ ድርሰቱን ላልሰማው ሰው ማንበብና «ምን ማለት ነው?» ብሎ ሳይጠይቁ «ምን ምን ትዝ ይልሃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። አድማጩ ትራሱን ወይም ምሰሶውን ካነሣ ምስሉ ሠርቷል፤ ትርጉሙን ባይናገርም ሠርቷል። ስለ ሹፌሩ ጠባይና ስለ ሊማሊሞ ገደል ብቻ ካወራ፣ ጥፋቱ የሚገኘው በተሰረዘው ዓረፍተ ነገር ሳይሆን በመጀመሪያው ወይም በሦስተኛው ትዕይንት ነው። ምናልባት ታኮው ከጅምሩ በጣም ተሸሽጎ ይሆናል፤ አለዚያም እናቲቱ ስታለቅስ ዕቃው ተረስቶ ይሆናል።

የማብቂያው ነገር ለደራሲው የሚቀር ምርጫ ነው። ታኮው በእናቱ ቤት ሥር ከቀረ፣ ልጁ በዳገቱ ላይ ድንጋይ ፈልጎ መወሸቅ አለበት። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መኪናው ሲነሣ ድንጋዩ ከአስፋልቱ መሀል ተረስቶ ይቀራል፤ ከኋላ በጨለማ የሚመጣው መኪናም ይመታዋል። ደራሲው ልጁን ወርዶ ድንጋዩን ከመንገድ እንዲያነሣ ካደረገው ድርሰቱ ስለ አንድ ደግ ልጅ ይሆናል። መኪናው ሲነጉድ ልጁ ዘሎ ከተንጠለጠለና ድንጋዩ መንገዱ ላይ ከቀረ ግን፣ የቤቱን ምሰሶ ያቀና እጅ ለማያውቀው መንገደኛ አደጋ ትቶ ሄደ ማለት ነው። ሁለቱም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ የሚሰጡት ድርሰት ግን አንድ አይደለም።